ጣቃውን ሳይዘረጉ ገንዘብ አይቁጠሩ

ሻጩ ጣቃውን ሙሉውን አልዘረጋም አለኝ። የላዩን ሁለት ሜትር አይቼ ብገዛ ምን ችግር አለው?

ላዩማ ሁልጊዜ ቆንጆ ነው። የታጠፈውና የቆሸሸው ብዙ ጊዜ ከውስጥ፣ ከካርቶኑ አጠገብ ይገኛል። እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ ይግቡ፤ መርካቶ ጨርቅ ሻጭ አልጠፋም። ሲዘረጋም ርዝመቱን ይለኩ።

ለተማሪዎች ደንብ ልብስ ሁለት ጣቃ ሰማያዊ ገዛሁ። ሰፍቼ ስጨርስ የአንዱ ሱሪ ሁለት እግር ቀለሙ ተለያየ። ሱቅ ውስጥ እኮ አንድ ነበሩ። ተጭበረበርኩ?

ላይሆን ይችላል። እኔም ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ሙሉ ትእዛዝ በዚህ ምክንያት ተመልሶብኛል፤ ጥፋቱ የራሴ ነበር። በተለያየ ጊዜ የተነከረ ጨርቅ ስሙ አንድ ቢሆንም ቀለሙ ትንሽ ይለያል። ስለዚህ የሁለቱ ጣቃዎች የሎት ቁጥር አንድ መሆኑን መለያ ወረቀቱ ላይ ያንብቡ። በአንድ ጣቃ ውስጥም ቢሆን የጠርዙ ቀለም ከመሃሉ ሊደምቅ ወይም ሊፈዝ ይችላል።

እንዲህ ይፈትሹ። ከጣቃው ጫፍ ላይ ሙሉውን ወርድ ይዞ አንድ ስንዝር ስፋት ያለው ቁራጭ ያስቆርጡ። ግራውን፣ መሃሉንና ቀኙን ከለያዩ በኋላ ግራውን ከመሃሉ፣ ከዚያም ከቀኙ ጋር ጠርዝ ለጠርዝ ያጋጥሙ። ሦስቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ይዘርጉ፤ የተገለበጠ ጨርቅ ብርሃን የሚመልሰው በሌላ መልኩ ነው። ይህን በሱቁ አምፖል ሥር አያድርጉት። በር ላይ፣ ጥላ ባለበት የቀን ብርሃን ይዩት፤ አምፖል ሥር አንድ የመሰለ ቀለም ውጭ ሲወጣ ሊለያይ ይችላል። መጋጠሚያው ላይ መስመር ከታየ አይግዙ። ከገዙም የአንድ ሱሪ ቁርጥራጮችን በሙሉ ከአንድ ጣቃ፣ ጎን ለጎን ይቁረጡ፤ ሳይቀላቀሉም ቁጥር ይለጥፉባቸው።

ስንት እንከን ካለ ነው ጣቃውን የምመልሰው?

ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት የአራት ነጥብ አቆጣጠር አለ። ርዝመቱ እስከ 7.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ እንከን 1 ነጥብ ይይዛል፤ ከ23 በላይ የሆነው 4፤ በመካከል ያሉት እንደ ርዝመታቸው 2 ወይም 3። ከ2.5 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ቀዳዳ 4 ነው። ወርዱ 1.5፣ ርዝመቱ 50 ሜትር የሆነ ጣቃ ላይ 12 ቋጠሮ፣ 3 ረጃጅም የተበጠሰ ድርና 2 ትልልቅ ቀዳዳ አገኙ እንበል። 12፣ 12 እና 8 ተደምሮ 32 ነው። ጣቃው 75 ካሬ ሜትር ስለሆነ፣ ለ100 ሲሰላ 43 ገደማ ይደርሳል። እኔ ከ40 ካለፈ አልገዛም። እንከኑ ጠርዝ ላይ ከሆነ ግን በቅድ ሊታለፍ ስለሚችል ዋጋ ያስቀንሱበት።

ለብየዳ ሠራተኞች ቱታ ልሰፋ ነው። እሳት የማይዝ ጨርቅ በምን ይታወቃል?

በዓይንና በእጅ አይታወቅም፤ ክብሪት ጭረው የሚያሳዩዎትንም ሻጭ አይመኑ። የላቦራቶሪ ፍተሻ ወረቀት ይጠይቁ። ከሌለ ትእዛዙን አይቀበሉ፤ የሰው ገላ ነው።

አዲስ ጨርቅ ሲሸት እንከን ነው?

የማጠናቀቂያ መድኃኒት ከሆነ ሲታጠብ ይለቃል፤ ሻጋታ ከሸተተ ይተዉት።