ጥያቄና መልስ፦ የቢሙ መካከለኛ ድጋፍ ሲሰምጥ

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ ሐዋሳ፦ ኢንጂነር፣ ቢሙ A፣ B እና C በሚባሉ ሦስት ድጋፎች ላይ ያረፈ ነው፤ ዳርና ዳሩ እንደልብ ይዞራል። ስፓኑ 6 እና 6 ሜትር፣ ጭነቱ በሜትር 20 ኪሎኒውተን፣ EI 40,000 ኪሎኒውተን ሜትር ካሬ ነው። B 10 ሚሊሜትር ሰምጦም በስሎፕ ዲፍሌክሽን ያገኘሁት ሞመንት ያው 90 ነው። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ምልክቱን ነው ያጠፋሽው። B ሲወርድ A እና Bን የሚያገናኘው መስመር በሰዓት አቅጣጫ ይዞራል፤ B እና Cን የሚያገናኘው ግን በተቃራኒው። አንቺ ለሁለቱም አንድ ምልክት ስለሰጠሽ ሦስቱ ድጋፎች በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ቀሩ፤ ቢሙ ዘመመ እንጂ አልጎበጠም። መልሱ ካልሰመጠው ቢም መልስ ጋር ፍጹም እኩል ከሆነ ሁልጊዜ ይህን ጠርጥሩ።

በሰዓት አቅጣጫ የሚዞረውን አዎንታዊ ብለን እንጻፈው፦

```
M_BA = (3EI/L)(θ_B − δ/L) + wL²/8
M_BC = (3EI/L)(θ_B + δ/L) − wL²/8
M_BA + M_BC = 0  →  θ_B = 0
```

መስመጡ ከ90 ላይ 33.3 ይቀንሳል፤ B ላይ 56.7 ኪሎኒውተን ሜትር ይቀራል። ሞመንቱ ቀነሰ ብላችሁ ግን አትዘናጉ። የዳር ድጋፉ ሪአክሽን ከ45 ወደ 50.6 ኪሎኒውተን ያድጋል፤ በስፓኑ ውስጥ ያለው ትልቁ ሞመንትም ከ50.6 ወደ 63.9 ይወጣል። ከሩብ በላይ ጭማሪ ነው፤ የሚሸከመውም የታችኛው ፌሮ ነው። መስመጡ 27 ሚሊሜትር ሲደርስ የB ሞመንት ዜሮ ይሆናል፤ ከዚያ ካለፈ ድጋፉ ላይም የሚሳበው የታችኛው ፊት ነው፤ እዚያ ደግሞ ብዙ ጊዜ በቂ ፌሮ አይገኝም።

ሌላ ተማሪ፦ EI ካልተሰጠ 1 ብዬ ልውሰድ?

መልስ፦ በፍጹም! ድጋፍ በማይሰምጥበት፣ EI በሁሉም ስፓን እኩል በሆነበት ቢም EI ራሱ ይጣፋል፤ ልማዱም ከዚያ የመጣ ነው። ድጋፍ ሲሰምጥ ግን ሞመንቱን የሚወልደው እውነተኛው EI ነው። 25 በ50 ሴንቲሜትር የሆነ ቢም፣ E 30 ጊጋፓስካል ከሆነ፣ ሳይሰነጠቅ EI ወደ 78,000 ይጠጋል። በዚህ ቁጥር ያው 10 ሚሊሜትር የሚቀንሰው 33 መሆኑ ቀርቶ 65 ይሆናል። አርማታው ከተሰነጠቀ ግን ጥንካሬው ግማሽ ያህል ሊወርድ ይችላል። መስመጡ በዓመታት ውስጥ ቀስ ብሎ የመጣ ከሆነም አርማታው በጊዜ ብዛት ስለሚለጠጥ ሞመንቱ ከዚህም ይላላል። ስለዚህ በሁለት EI ሥሩና ክፉውን ያዙ። ደግሜ እላለሁ፦ 10 ሚሊሜትር በስሌቱ ውስጥ 0.01 ሜትር ነው፤ 10 ብሎ የጻፈ 33,333 ያገኛል።

የሳይት መሐንዲስ፦ ቢሙን 60 ሴንቲሜትር ብናደርገው ከዚህ ሁሉ ጣጣ እንገላገላለን።

መልስ፦ ጭራሽ ትጨምረዋለህ። ከ50 ወደ 60 ሲያድግ I በ1.73 ይባዛል፤ ከመስመጡ የሚመጣው ሞመንትም እንዲሁ።

ዲዛይነር፣ አዳማ፦ ኢንጂነር፣ መስመጡን ቋሚ ቁጥር አድርገው ያዙት እንጂ B ሲወርድ እኮ የራሱ ሸክም ይቀልለታል። በዚሁ ምሳሌ ሪአክሽኑ ከ150 ወደ 139 ይወርዳል። ቢሙ ሲጠነክር ደግሞ ከB ላይ ወደ ዳሮቹ የሚሸሸው ጭነት ይበዛል፤ መስመጡም ያንሳል።

የሳይት መሐንዲስ፦ እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው።

መልስ፦ አንተ ያልከው ሌላ ነው። የአዳማው ወንድማችን ነጥብ ግን ትክክል ነው፤ ስንት ያንሳል የሚለው በአፈሩ ጥንካሬ ይወሰናል፤ ያለ አፈር ምርመራ እዚህ አንጨርሰውም።

የቤት ባለቤት፣ ሐዋሳ፦ ቤቴ ሐይቁ አጠገብ ነው፤ ግድግዳው ሰያፍ ተሰንጥቋል። ኮለኑ ስንት ሚሊሜትር ሰምጦ ነው?

መልስ፦ ከስንጥቅ ብቻ አይነገርም፣ ጌታዬ። የኮለኖቹን ከፍታ በሌቭል መሣሪያ ያስለኩ፤ ከወራት በኋላም ይድገሙት። አስፈላጊው በኮለኖቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ሁሉም እኩል ቢወርዱ ቢሙ ውስጥ ምንም ሞመንት አይጨመርም።

ተማሪ፦ ምልክቱ እንዴት ነበር?

መልስ፦ ከላይ ተመልሷል። መጀመሪያ አንብቡ።

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ ሐዋሳ፦ B ቀርቶ A ብቻ 10 ሚሊሜትር ቢሰምጥስ?

መልስ፦ ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። ያኔ የሚዞረው የመጀመሪያው ስፓን መስመር ብቻ ነው፤ ያውም በሰዓት ተቃራኒ። θ_B ዜሮ መሆኑ ይቀራል፤ B ላይ ያለው ሞመንትም በመቀነስ ፈንታ በ16.7 ጨምሮ 106.7 ይሆናል። አሁን የሚጨነቀው የላይኛው ፌሮ ነው። የትኛው ኮለን እንደሚሰምጥ አስቀድሞ የሚያውቅ ስለሌለ ሦስቱንም ተራ በተራ አስምጣችሁ ሥሩ።