ሙዙን ከጓዳው አውጪው

ለምክር አምዱ አዘጋጅ፤

የምኖረው ቡራዩ ነው። ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ ለገና የጠረጴዛ አበባ እያዘጋጀሁ ለጎረቤቶቼ እሸጣለሁ። አበባ የሚያመጣልኝ ነጋዴ ግን ትዕግሥቴን አስጨርሶታል። ለበዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው ያመጣልኛል፤ እኔም ጎረቤቴ እንደመከረችኝ ውኃው ላይ ስኳር ጨምሬ፣ ፀሐይ በማይገባበት ጓዳ አስቀምጠዋለሁ። ጓዳው ቀዝቃዛ ነው፤ ለበዓሉ ከተገዛው ሙዝና ሽንኩርት በቀር ምንም አይቀመጥበትም። በማግስቱ ግን ካርኔሽኑ ወደ ውስጥ ተጨማድዶ እንደ ተኛ ይሆናል፤ በሁለተኛው ቀን ደግሞ ጽጌረዳው አንገቱን ይደፋል። ባለፈው ገና ከሠራኋቸው ስምንት ጌጦች ሦስቱን መለሱብኝ። ነጋዴው ዛሬ የተቆረጠ ነው ብሎ ይምላል፤ እኔ ግን አሮጌውን እየመረጠ እንደሚሰጠኝ አውቃለሁ። አብረው የተቀመጡት ጽድና ባሕር ዛፍ ሳምንት ሙሉ ደኅና ሆነው መቆየታቸው፣ ጥፋቱ የእኔ አለመሆኑን አያሳይምን? ባለቤቴ ፍሪጅ በዱቤ እንግዛ ይላል። ፍሪጅ ከሌለኝ ይህን ሥራ ብተወው ይሻለኝ ይሆን?

ከቡራዩ

ውድ እኅቴ፤

ነጋዴውን ገና አትወንጅዪው። ሙዙን ግን ዛሬውኑ ከጓዳው አውጪው።

«ምንም አይቀመጥበትም» ብለሽ ያለፍሽው ያ ሙዝ ነው ካርኔሽንሽን የገደለው። ሙዝ ሲበስል ኤትሊን የሚባል፣ በዓይን የማይታይ ጋዝ ያወጣል። ፍሬው ራሱ በዚሁ ጋዝ ነው የሚበስለው፤ ካርኔሽን ግን ከአበቦች ሁሉ ለዚህ ጋዝ እጅግ ስሱ ከሆኑት አንዱ በመሆኑ፣ ጥቂቱ እንኳ ሲደርስበት ዕድሜዬ አበቃ ብሎ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። በር የተዘጋበት ጓዳ ጋዙን ያከማቸዋል። ጽድና ባሕር ዛፍ ግን ጋዙ ያን ያህል አይነካቸውም፤ ስለዚህ እነርሱ ደኅና መክረማቸው በነጋዴው ላይ የሚመሰክር ሳይሆን የጓዳው አየር መበላሸቱን የሚያሳይ ነው። የከሰል ጭስም ያንኑ ጋዝ ስለሚይዝ፣ ቡና በሚፈላበት ክፍል ውስጥ የአበባ ባልዲ አይቀመጥ። በባልዲው ውስጥ የጠወለገ አበባ ካገኘሽም ወዲያው አውጪው፤ የሚሞት አበባ ራሱ ኤትሊን እያወጣ ሌላውን ያስከትላል።

አንድ ነገር በግልጽ ልንገርሽ፦ አንድ ጊዜ የተጨማደደ ካርኔሽን አይመለስም፤ ውኃም ሆነ ስኳር አያነቃውም። የጽጌረዳው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። አንገቱን የሚደፋው ውኃ እስከ አበባው መድረስ ስላቃተው ነው፤ መንገዱን የዘጋውም ብዙውን ጊዜ በግንዱ ጫፍ የተራባ ባክቴሪያ ነው። ጎረቤትሽ በቅንነት መክራሻለች፤ ስኳር ለአበባው ምግብ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ባክቴሪያውን የሚገታ ነገር ሳይጨመርበት ስኳር ብቻውን ሲገባ፣ ከአበባው ይልቅ ባክቴሪያውን ነው የሚመግበው። ውኃው ከደፈረሰ፣ ከሸተተ ወይም የግንዱ ጫፍ ሲዳሰስ ከሙለጨለጨ፣ የደረሰብሽ ይኸው ነው።

ለሚመጣው ገና እንዲህ አድርጊ። አበባው ታኅሣሥ 26 ከሰዓት በኋላ ይደርስልሻል እንበል። ባልዲዎቹን አስቀድመሽ በሳሙናና በበረኪና ፈትጊ፤ ንጹሕ የሚመስል ባልዲ ሁሉ ንጹሕ አይደለም። ለእያንዳንዱ ሊትር ውኃ የሻይ ማንኪያ ሩብ በረኪና ጨምረሽ አማስዪ፤ ከዚያ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳርና ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጨምሪበት። በረኪናና ሎሚ ውኃ ሳይገባባቸው በቀጥታ እንዳይገናኙ ተጠንቀቂ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣቸዋል። ውኃ ውስጥ የሚገባውን የጽጌረዳ ቅጠል ሁሉ አራግፊ፤ ከዚያም የግንዱን ጫፍ በሰፊ ሳህን ውኃ ውስጥ እንዳለ፣ በሰላ ቢላዋ ወደ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል በሰያፍ ቁረጪው። ውኃ ውስጥ የሚቆረጠው በግንዱ ቧንቧ አየር እንዳይገባ ነው። ለጽዱና ለባሕር ዛፉ ስኳር አያስፈልግም፤ ያው መጠን በረኪና የገባበት ውኃ ብቻ ይበቃቸዋል።

ፍሪጅሽን በነጻ የሚሰጥሽ የታኅሣሥ ሌሊት ነው። በእናንተ አካባቢ በዚያ ወር የሌሊቱ ሙቀት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ስለዚህ ባልዲዎቹን ከምሽቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ነፋስ በማይመታበት፣ ጣራ ባለው በረንዳ አሳድሪያቸው። ውርጭ እንዳያገኛቸው ከግድግዳው አስጠግተሽ በጋዜጣ ላላ አድርገሽ ጠቅልያቸው። ሲነጋ፣ ፀሐይ ሳይወጣባቸው ወደ ጓዳ አስገቢያቸው። ቀን ላይ የባልዲዎቹን ዙሪያ በረጠበ ጆንያ ክበቢና መስኮቱን በጥቂቱ ክፈቺው፤ ደረቅ የበጋ አየር ከጆንያው ላይ ውኃውን ሲያተንን ዙሪያውን ያቀዘቅዛል። ጆንያው እንዳይደርቅ እየተመላለሽ አርጥቢው። ይህ ዘዴ በገና የሚሠራውን ያህል በዕንቁጣጣሽ አይሠራም፤ አየሩ በእርጥበት ሲሞላ ከጆንያው የሚተን ውኃ ጥቂት ነው።

ታኅሣሥ 27 ጠዋት ውኃውን ቀይሪ። አንገቱን የደፋ ጽጌረዳ ካለ አትጣዪው፤ ጫፉን እንደገና ቆርጠሽ፣ ግንዱ እንዲቃና ከነአንገቱ በወረቀት ጠቅልለሽ፣ እጅ በማያቃጥል ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ለሁለት ሰዓት ያህል አቁሚው። ብዙውን ጊዜ ቀና ይላል። በዚያው ቀን ጽዱንና ባሕር ዛፉን ብቻ በየጌጡ ላይ ሰክተሽ ጨርሺ፤ አበባው ግን እስከ ታኅሣሥ 28 ከባልዲው አይውጣ። አረንጓዴውን የአበባ ስፖንጅ የምትጠቀሚ ከሆነ፣ ውኃ ላይ አስቀምጠሽ በራሱ ጊዜ እስኪሰምጥ ተዪው፤ በእጅ የተደፈቀ ስፖንጅ መሐሉ ደረቅ ሆኖ ይቀራል፤ እዚያ የተሰካው ግንድም ውኃ አያገኝም። ለደንበኞችሽም በየቀኑ ውኃ እንዲጨምሩበት፣ ከፍራፍሬው ሳህንም እንዲያርቁት ንገሪያቸው። እንዲህ ተይዞ አበባው የበዓሉን ቀን ጨምሮ አራት ወይም አምስት ቀን ይቆያል፤ ያለ ቅዝቃዜ ከዚህ በላይ ቃል አትግቢ።

ስለ ፍሪጁ ባለቤትሽን አልደግፍም። ሥጋ፣ ቅቤና ፍራፍሬ የሚጠራቀምበት የቤት ፍሪጅ ያንኑ የጓዳሽን ችግር በጠበበ ቦታ ይደግመዋል፤ ለአበባ ብቻ ይሁን ከተባለም፣ የስምንት ጌጥ ገቢ ዕዳውን አይሸከምም። ሥራውን ግን አትተዪው፤ ከስምንት ጌጥ አምስቱን በዚያ ጓዳ አትርፈሽ መሸጥሽ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ከገና በፊት አንድ ቅዳሜ ከዚያው ነጋዴ አራት ካርኔሽን ግዢ። ሁለቱን በባልዲ አድርገሽ በሩ በተዘጋ ጓዳ ከበሰለ ሙዝ ጋር፣ ሁለቱን ደግሞ በተመሳሳይ ውኃ በረንዳው ላይ አሳድሪ። እሑድ ጠዋት አራቱንም ጎን ለጎን አስቀምጠሽ ተመልከቺያቸው፤ የበረንዳዎቹም ተጨማድደው ካገኘሻቸው ያን ጊዜ ነጋዴውን አናግሪው።