ራስ ምታትን ለሐኪም ስለ መንገር፦ ጥያቄና መልስ

በነርቭ ሕክምና ክፍል ለዓመታት በነርስነት ሠርቻለሁ። የቻልኩትን እመልሳለሁ፤ መድኃኒት ግን እዚህ አላዝም። ድንገት ፈንድቶ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጣራ የነካ ሕመም፣ ትኩሳት ከአንገት መገተር ጋር፣ የአፍ መጣመም ወይም የእጅና የእግር መዛል ያለበት ሰው ይህን ማንበብ ትቶ አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።

ሲስተር፣ ሐኪሙ «እንዴት ነው የሚያምሽ?» ሲለኝ «ሁልጊዜ ያመኛል» ከማለት ሌላ ቃል ያጥረኛል።

«ሁልጊዜ» የሚለውን ተይውና የመጨረሻውን ሕመም ከመነሻው እስከ መጨረሻው ተርኪለት።

አንዲት ባለሱቅ እንዳንቺው «ሁልጊዜ» እያለች መጣች። «የመጨረሻው መቼ ነበር?» አልኳት። ማክሰኞ ነው። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ከቀኝ ዓይኗ በላይ ጀመራት፤ ቦታውን በጣቷ አሳየችኝ። እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ድረስ እንደ ልብ ምት እየወቀረ በረታ። ሱቋን ዘግታ መጋረጃ ጋርዳ ተኛች። ብርሃን አስጠላት፣ አንዴ አስመለሳት፣ ለመነሳት ስትሞክር ባሰባት። ማታ 3 ሰዓት ላይ ለቀቃት። ማይግሬንን እንድንጠረጥር ይህ ይበቃል።

«በሌሎቹ ቀናትስ?» ስላት ሌላ ነገር ወጣ። ጠዋት ስትነቃ ዙሪያውን በሻሽ እንደታሰረ የሚከብድ፣ ሥራ የማያስፈታ ሕመም አለባት። ሁለቱን አንድ ላይ ጨፍልቃ ነበር «ሁልጊዜ» ያለችው። ቦርሳዋን እንድትከፍት ጠየቅኳት። ባዶ የፓራሲታሞልና የዳይክሎፌናክ ስትሪፖች ነበሩ። ስንቆጥር በወሩ ውስጥ 20 ቀን ማስታገሻ ወስዳለች። የጠዋቱን ሕመም ያመጣው ራሱ ማስታገሻው ሳይሆን አይቀርም። እንዲህ ያሉትን ክኒኖች በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ትራማዶልን ወይም ከአንድ በላይ መድኃኒት የተቀላቀለባቸውን ክኒኖች ደግሞ 10 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከሦስት ወር ላለፈ ጊዜ የወሰደ ሰው ማስታገሻው ራሱ ለሚያመጣው ሕመም ሊጋለጥ ይችላል። የሚቆጠረው ቀኑ እንጂ የክኒኑ ብዛት አይደለም። ሐኪሙ ክኒኑን አስቆማት። መጀመሪያ ባሰባት፣ ከዚያ የጠዋቱ ሕመም እየቀለላት ሄደ። ትራማዶል የምትወስዱ ግን በራሳችሁ እንዳታቆሙ።

ከ10 ስንት ነው ሲሉኝ ሁሌ 10 እላለሁ። ልክ ነው?

አይደለም። ምን እንዳስተወህ ንገረው። ሥራ ላይ ቆየህ? ወይስ ተኛህ?

እኔን ግንባሬና አፍንጫዬ ላይ ነው የሚይዘኝ። ሳይነስ ነው፣ አይደል?

የበሽታውን ስም ለሐኪሙ ተዪለት። ስሙን ቀድመሽ ከሰጠሽው ሌላውን ሳይጠይቅሽ ሊያልፍ ይችላል። ማይግሬንም ዓይን ያስነባል፣ አፍንጫ ይደፍናል።

*ሌላ አባል፦* እኔ በራጅ ሳይነስ ተብያለሁ። አንቲባዮቲክ ወስጄ ድኛለሁ።

መልካም። ወፍራም ቢጫ ፈሳሽና ትኩሳት ነበረህ?

*ያው አባል፦* ትኩሳት አልነበረኝም። ግን በሦስት ቀን ለቀቀኝ።

ማይግሬንም ያለ ምንም መድኃኒት በሦስት ቀን ይለቃል። ያንተ የትኛው እንደነበር ከዚህ ሆኜ አላውቅም።

*ሌላዋ፦* የእኔ እናት ደግሞ ምች ነው ብላ ዳማከሴ ነው የምታሸተኝ። ቡና ስጠጣም ይተወኛል።

*ሌላ፦* ቡናው ነው የሚያመጣብሽ! በጾም ጊዜ ሳልጠጣ ስውል ራሴ ይፈርሳል።

ሁለታችሁም ልክ ልትሆኑ ትችላላችሁ። የቡናውን ሰዓትና የሕመሙን ሰዓት ጎን ለጎን ጻፉ። ወደ ጥያቄዎቹ እንመለስ።

ያልሞከርኩት መድኃኒት የለም፤ አንዱም አልሠራልኝም።

የትኛው? ስንት ሚሊግራም? ለስንት ጊዜ? ለምን አቆምክ? ሕመሙ እንዳይነሳ በየቀኑ የሚወሰደውን አሚትሪፕትሊን ለአምስት ቀን ውጦ «እንቅልፍ አበዛብኝ» ብሎ መተው ሙከራ አይባልም። መከላከያ መድኃኒት በበቂ መጠን ሁለት ወር ያህል ካልተወሰደ ሠራ ወይም አልሠራም ማለት ይከብዳል። ስሙ ከጠፋህ ማሸጊያውን ይዘህ ሂድ። ማስታገሻውንም ሕመሙ በጀመረ በስንት ሰዓት እንደዋጥከው ንገረው። ዘግይቶ የተዋጠ ክኒን «አልሠራም» ሊባል ይችላል።

ለራስ ምታት የቱ ክኒን ይሻላል?

ይህ ጥያቄ ሲመጣልኝ ሦስተኛ ጊዜው ነው። አላዝም ብያለሁ። በወር ስንት ቀን እንደምትውጥ ቁጠር።

ደም ብዛት አለብኝ፣ ራሴን ያመኛል።

ግፊትህን ተለካ፤ ቁጥሩን ከነቀኑ ጻፍ። ዕድሜህ ከ50 በላይ ሆኖ ሕመሙ አዲስ ከሆነ አታዘግየው።

ሲስተር፣ እንዲህ ጽፌያለሁ፦ «በሳምንት ሁለቴ፣ ግራ ጎኔን፣ ግማሽ ቀን፣ ያቅለሸልሸኛል፣ ኢቡፕሮፌን እወስዳለሁ።» ይበቃል?

ጥሩ ነው። መቼ እንደጀመረሽ ጨምሪ፤ ከወር አበባሽ ጋር ከገጠመም ጻፊ። ኢቡፕሮፌኑንስ በወር ስንት ቀን ነው?

*ያችው ጠያቂ፦* ስምንት መሰለኝ። ባለቤቴ ግን ከዚያ ይበልጣል ይላል። ከዛሬ ጀምሬ ካላንደር ላይ ምልክት አደርጋለሁ።