የመሰላሉ ማስጠንቀቂያ የት ይግባ?

«ደብረ ማርቆስ ለምንሠራው ህንጻ የደህንነት ቪዲዮ ስክሪፕት እየጻፍኩ ነው። ማስጠንቀቂያዎቹን መጨረሻ ላይ ልሰብስባቸው ወይስ በየቦታው?»

በየቦታው አድርጋቸው ወንድሜ። ደግሞ ከድርጊቱ ቀድመው ይምጡ። እኔ በአንድ ሳይት ቪዲዮ ላይ «ባልዲ ይዘህ አትውጣ» የሚለውን ሰውዬው ከወጣ በኋላ አስገባሁት። ልጆቹ ያስታወሱት አወጣጡን ብቻ ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል።

ገጹን ለሁለት ክፈለው፤ በግራ የሚታየው፣ በቀኝ የሚነገረው። መሰላልን እንውሰድ። መሰላሉ የሚደገፍበት ከፍታ 4 ሜትር ከሆነ እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ይራቅ። በግራ፦ ሠራተኛው በሜትር ይለካል። በቀኝ፦ «ከዚህ ካስጠጋኸው ወደ ኋላ ይገለበጣል፤ ካራቅኸው እግሩ ይንሸራተታል።» ከዚያ ካሜራው ወደ መሬቱ ይውረድ። በክረምት የኛ አገር ጭቃ እንዴት እንደሚያንሸራትት ታውቃለህ። እግሩ ጠንካራ መሬት ላይ ሲቆም፣ ጫፉም ሲታሰር አሳይ። ጫፉ ከሚወጣበት ወለል 1 ሜትር ያህል ይለፍ፤ ሲወርድ የሚይዘው እሱን ነው።

ባልዲው ጋ ስትደርስ ምስሉን አቁመው። «ሁለት እጅህ ለመሰላሉ ነው፤ ባልዲው በገመድ ይሳባል» በል። ከዚያ ይውጣ። ሠራተኛው እላይ እስኪደርስ የማስጠንቀቂያው ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ይቆይ፤ ሚክሰር እየጮኸ ድምፁን የሚሰማው የለም። ስህተቱን ግን በተግባር አታሳይ፤ ሰው ያየውን ነው የሚደግመው።