ፓስወርድ ዳታቤዝ ውስጥ እንዴት ይቀመጥ? ጥያቄና መልስ ለጀማሪ ዴቨሎፐሮች

ከኮምቦልቻ፦ ለአንድ የጅምላ ልብስ ሱቅ የማዘዣ ዌብሳይት ሠራሁ። ፓስወርዱን የማስቀምጠው በ`md5` ነው። ዳታቤዙን ሳየው ሦስት ደንበኞች አንድ ዓይነት ሃሽ አላቸው። ኮዴ ላይ ችግር አለ?

አብሽር፣ ኮድህ ያዘዝከውን ነው የሠራው። ሦስቱ ሰዎች አንድ ዓይነት ፓስወርድ መርጠዋል፣ በቃ። እስቲ ይሄን ጎግል ላይ ፈልገው፦

```
e10adc3949ba59abbe56e057f20f883e
```

`123456` እንደሆነ ወዲያው ታገኘዋለህ። ሃሹን ወደ ኋላ የፈታው የለም፤ ሰዎች የተለመዱ ፓስወርዶችን አስቀድመው ሃሽ አድርገው ስላከማቹ ነው። በ2012 ከሊንክድኢን ወጥተው የተበተኑት 6.5 ሚሊዮን ገደማ ሃሾችም ሶልት አልነበራቸውም። ሶልት የሚሉትን፣ ለእያንዳንዱ ደንበኛ የተለየ የዘፈቀደ ጽሑፍ፣ ከፓስወርዱ ጋር ደባልቀህ ሃሽ ስታደርግ ግን ሦስቱም `123456` ቢሉ ሦስት የማይመሳሰሉ ሃሾች ይወጣሉ፣ ያ የተከማቸ ዝርዝርም ዋጋ ያጣል።

ከደሴ፣ ተማሪ፦ እኔ ሶልት አለኝ። አንድ ረጅም ሚስጥር `.env` ፋይል ውስጥ ደብቄ ለሁሉም ተጠቃሚ እሱን እጨምራለሁ። ጨረስኩ አይደል?

ግማሹን ጨርሰሻል። ያንቺው ፔፐር የሚሉት ነው፣ መጥፎ አይደለም፣ ግን የሶልትን ሥራ አይሠራም፤ ለሁሉም አንድ ስለሆነ አንድ ዓይነት ፓስወርድ አሁንም አንድ ዓይነት ሃሽ ይሰጣል። ሶልት ደግሞ ሚስጥር መሆን የለበትም፣ ከሃሹ ጎን በግልጽ ይቀመጣል፤ ዋናው እንዳይደገም ነው።

ከወልዲያ፦ እንግዲህ `sha256` ከየራሱ ሶልት ጋር ከሆነ ምን ቀረ?

ፍጥነቱ ነዋ። `sha256` የተሠራው በፍጥነት እንዲሰላ ነው፣ ለሌባውም ያው ፈጣን ነው። እኛ አገር ስንት ሰው ነው ስልክ ቁጥሩን ፓስወርድ የሚያደርገው? በ09 የሚጀምር ቁጥር ላይ የማይታወቀው 8 አሃዝ ብቻ ነው፣ 100 ሚሊዮን አማራጭ። አንድ ዘመናዊ የግራፊክስ ካርድ በሰከንድ በቢሊዮን የሚቆጠር `sha256` ስለሚሞክር፣ ሶልቱ እያለ እንኳ አንዱን ደንበኛ ለመስበር ሰከንድ አይፈጅበትም።

ስለዚህ ሆን ተብሎ ቀርፋፋ የሆነ ነገር ያስፈልጋል፣ ቢክሪፕት ወይም አርጎን2። ፒኤችፒ ላይ ይኸው፦

```php
$hash = password_hash($pass, PASSWORD_BCRYPT, ['cost' => 12]);
$ok   = password_verify($pass, $hash);
```

ሶልቱን ራሱ ይፈጥራል፣ አንተ እንዳትነካው። `cost` በ1 በጨመረ ቁጥር ሥራው እጥፍ ይሆናል፤ ሰርቨርህ ላይ ለክተህ አንዱ ሎግኢን ሩብ ሰከንድ ገደማ እንዲወስድ አድርገው። በዚያ ፍጥነት 100 ሚሊዮኑን በአንድ ፕሮሰሰር ኮር ለመጨረስ ከ9 ወር በላይ ይፈጃል። ጥሩ ካርድ ያለው ሰው ግን በጣም ያሳጥረዋል፣ ስልኩ እዚያው ረድፍ ላይ ተጽፎ ከሆነማ መጀመሪያ የሚሞክረው እሱን ነው። እና ምዝገባው ላይ ስልክ ቁጥርን እንደ ፓስወርድ አትቀበል፤ ቢክሪፕት ይሄን አያድንህም።

ከሐይቅ፦ እንዳልከው አደረግኩ። ምዝገባው ይሠራል፣ ሎግኢን ግን ትክክለኛውን ፓስወርድ አስገብቼም እምቢ አለኝ።

የፓስወርድ ኮለምህ ስንት ቁምፊ ነው? የቢክሪፕት ውጤት 60 ቁምፊ ነው፦ `$2y$12$` የሚለው 7፣ ሶልቱ 22፣ ሃሹ 31። `VARCHAR(50)` ከሆነና ማይኤስኪውኤልህ ስትሪክት ሞድ ላይ ካልሆነ፣ ጅራቱን ቆርጦ ዝም ይላል። `VARCHAR(255)` አድርገው። የተቆረጡት ግን አይመለሱም፣ እነዚያ ተጠቃሚዎች ፓስወርድ መቀየር አለባቸው።

*(ቆይቶ፦ 45 ነበር። ገባልኝ!)*

ከመርሳ፦ አንዲት ደንበኛዬ ፓስወርዷ ጠፋባት። ከሃሹ አውጥቼ በኤስኤምኤስ ልላክላት፣ እንዴት ነው የምፈታው?

አትፈታውም የኔ ወንድም፣ ደግሞም ለአንተም የማይቻል መሆኑ ነው ቁም ነገሩ። በአጭር ጊዜ የሚያበቃና አንዴ ብቻ የሚሠራ ሊንክ ላክላት፣ አዲስ ታውጣ።

ከኮምቦልቻ፣ በድጋሚ፦ የኔ የድሮ `md5`ዎችስ? ሰዎቹ ተመልሰው እስኪገቡ ልጠብቅ?

አትጠብቅ፣ ተመልሶ የማይገባም አለ። ያለውን `md5` ራሱን ዛሬውኑ በቢክሪፕት ጠቅልለው፦

```php
$new = password_hash($oldMd5, PASSWORD_BCRYPT, ['cost' => 12]);
// ሎግኢን ላይ
password_verify(md5($pass), $new);
```

የትኛው ረድፍ እንደተጠቀለለ የሚያሳይ ኮለም ጨምር። ሰውየው በትክክል ሲገባ ፓስወርዱ እጅህ ላይ ነው፣ ያኔ `md5`ን ትተህ በቀጥታ ሃሽ አድርገህ ተካው።

ከደሴ፣ ሌላ ሰው፦ ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? ሁሉንም ፓስወርድ ሰርዞ አዲስ አውጡ ማለት ይቀላል።

ዳታቤዙ መሰረቁን ካወቅክ ልክ ነህ፣ እኔም እሱን ነው የማደርገው። ካልተሰረቀ ግን፣ ከወረባቦ ገጠር በስልክ የሚያዝዝ ነጋዴ የድሮ ኢሜይሉ ጠፍቶበት ቢቀርስ? ሁለታችንም የየራሳችን ምክንያት አለን፣ የሱቁን ደንበኞች የሚያውቀው ይምረጥ። ብቻ የድሮዎቹን የዳታቤዝ ባክአፖች አትርሱ፣ `md5`ዎቹ እዚያ ውስጥ እንዳሉ ናቸው።