መርዶ የሌለው ሐዘን

ይህን የምጽፈው እናቱን ወይም አባቱን አገር ቤት ትቶ፣ በሕይወት እያሉ ከቀን ወደ ቀን ሲርቁት በስልክ ለሚሰማ ወገኔ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ 26 ዓመት ኖሬአለሁ፤ ከዚህም ውስጥ 19ኙን በአረጋውያን መጦሪያ ቤት የሌሊት ተረኛ አስታማሚ ሆኜ ሠርቻለሁ። የመርሳት በሽታ የያዛቸውን የሰው እናቶች ስመግብና ሳጥብ፣ ሌሊት ተነሥተው «ቤቴ ውሰዱኝ» ሲሉ እጃቸውን ይዤ ወደ አልጋቸው ስመልስ የኖርኩ ሰው፣ ደሴ ያለችው የገዛ እናቴ በዚያው በሽታ ስትያዝ ሦስት ዓመት ሙሉ አላወቅሁም። ስለዚህ የምናገረው ቢመራችሁ፣ ከራሴ ጥፋት የተማርኩት መሆኑን ዕወቁልኝ።

ሰው ሲሞትብን ምን እንደምናደርግ እናውቃለን። ወዳጆች ተጠራርተው ገና ጎሕ ሳይቀድ በር ያንኳኳሉ፣ መርዶ ይነገራል፣ ይለቀሳል፣ እድርተኛው ምግብ ይዞ ይመጣል፣ በአርባው ቀን ጸሎት ይደረጋል። እናቱ በሕይወት እያለች ለረሳችው ልጅ ግን መርዶ ነጋሪ አይመጣለትም፤ በማግስቱም እንደ ወትሮው ሥራ ይገባል። በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ፖሊን ቦስ በ1970ዎቹ በቬትናም ጦርነት የደረሱበት የጠፋ ወታደሮችን ቤተሰቦች ሲያጠኑ ለዚህ ዓይነቱ ማጣት ስም አወጡለት፤ በእኛ ቋንቋ ያልለየለት ማጣት ልንለው እንችላለን። ሁለት መልክ እንዳለውም አስረዱ። አንደኛው ሰውየው በአካል ርቆ በልብ ውስጥ ሲኖር ነው፤ ሁለተኛው በአካል እያለ አእምሮው ሲሄድ ነው። በስደት ያለነው ሰዎች ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይደርሱብናል፤ በአካል የራቅናት እናት በአእምሮዋም ትርቀናለች።

1. ወረቀቱን አስቀድማችሁ ጨርሱ

የውክልና፣ የባንክ ደብተርና የቤት ካርታ ጉዳይ ማለቅ ያለበት እናታችሁ የምትፈርመውን ነገር በሚገባ በምትረዳበት ጊዜ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል።

2. «ጃጅታለች» ብላችሁ አትለፉ

ይህ ቃል ሊረዳ የሚችለውን ስንቱን ሰው ሐኪም ቤት ሳይደርስ አስቀርቶታል። ከቤት ተደውሎ «እማዬ ተለወጠችብን» ስትባሉ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ ለውጡ በምን ያህል ጊዜ እንደመጣ ይሁን። ባለፈው ሳምንት በደህና ትናገር የነበረች ሴት በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ሰው መለየት ካቃታት፣ የሌለ ነገር ከታያት፣ ወይም ቀን እያንቀላፋች ሌሊት ከተቅበዘበዘች ይህ እርጅና አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሽንት ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን፣ የሰውነት ውሃ ማለቅ፣ ወይም በቅርቡ የተጀመረ መድኃኒት ያመጣው ነው፤ ስለዚህ በዚያው ቀን ሐኪም ሊያያት ይገባል። ወድቃ ጭንቅላቷን ተመትታ ከሆነም ከሳምንታት በኋላ እንኳ በራስ ቅሏ ውስጥ የተጠራቀመ ደም ሊያደናግራት ስለሚችል፣ መውደቋን ለሐኪሙ መናገር ያስፈልጋል።

ለውጡ ቀስ ብሎ በወራትና በዓመታት የመጣ ከሆነ የመርሳት በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ያም ቢሆን የታይሮይድ መዛባት፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድብርትና የጆሮ መድከም ተመሳሳይ መልክ ስላላቸው አስቀድመው መታየት አለባቸው። አልዛይመር ሆኖ ከተገኘ ምልክቱን ለጊዜው የሚያቀልሉ መድኃኒቶች አሉ እንጂ የጠፋውን የሚመልስ የለም። ስለዚህ «የአሜሪካ መድኃኒት ያድናታል» እያላችሁ በሻንጣ ኪኒን መላክ አቁሙ። በተለይ ለእንቅልፍና ለአለርጂ ያለ ማዘዣ የሚሸጡትና ዳይፈንሃይድራሚን ያለባቸው ኪኒኖች የአረጋውያንን አእምሮ የባሰ ያደናግራሉ። እኔ ራሴ ለእናቴ እንቅልፍ ብዬ ሁለት ብልቃጥ ልኬ ነበር፤ ያውም በሥራ ቦታዬ ነርሶቹ ለአረጋውያን እንዳይሰጥ ሲጠነቀቁ እያየሁ ነው።

3. ስልኩን እንዴት እንደምትይዙት

በሽታው እንዴት ሦስት ዓመት እንደተደበቀብኝ ልንገራችሁ። የእኛ ሰላምታ ረጅም ነው፣ ሁላችንም በቃላችን የያዝነው ነው፣ መልሱም አስቀድሞ ይታወቃል። «እንደምን ነሽ፣ ልጆቹስ፣ ሥራስ፣ ጤናስ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኛ ደህና ነን» እየተባለ አምስት ደቂቃ ያልፋል፤ የዛሬውን ቀን የማታስታውስ ሴትም ይህን አንድ ቃል ሳትስት ትወጣዋለች። እናቴ የልጄን ስም ራሷ ነበረች ያወጣችለት። ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ግን ስሙን መጥራት ትታ «ያ ልጅ እንዴት ነው?» ትለኝ ጀመር። በአንድ ጥሪም «መቼ ነው የምትመጪው?» ብላ ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ። እኔ ግን ወቀሳ መስሎኝ ሆዴ ተረበሸ፣ ስልኩን አሳጠርኩ፣ በሳምንቱም 200 ዶላር ጨምሬ ላክሁ። በአንድ ጥሪ ውስጥ ሦስት ጊዜ የተመለሰው ጥያቄ የናፍቆት ሳይሆን የበሽታ ምልክት መሆኑን፣ በየሌሊቱ ሌላ ሴት አልጋ አጠገብ ቆሜ የምሰማው እኔ መለየት ነበረብኝ።

ደሴ ያለችው እህቴም አልነገረችኝም። በሰው አገር ብቻዋን ናት፣ ትደነግጣለች ብላ «ትንሽ ጉንፋን ነው» ትለኝ ነበር። ይህ ደግነት ብዙ ቤት ያጠፋል። ዛሬ ደውላችሁ «እውነቱን ብቻ ንገሩኝ፤ ብደነግጥም እችለዋለሁ» በሉና ቃል አስገቧቸው።

በ2011 ዓ.ም. ለፋሲካ ሄድኩ። እናቴ ከበርጩማዋ ተነሥታ ጉንጬን ከሳመችኝ በኋላ ነጠላዋን አስተካክላ «ከየት ነው የመጡት?» አለችኝ። አንቱ አለችኝ። ስሜን ብትረሳ ይሻለኝ ነበር፤ ዕድሜዋን ሙሉ «አንቺ» ስትለኝ የኖረች ሴት በእንግዳ ወግ አንቱ ስትለኝ ግን ወለሉ ከእግሬ ሥር የሸሸ መሰለኝ። ከዚያ ቡና ልታፈላልኝ ተቀመጠች። እጇ ምንም አልረሳም፤ ቡናውን አጥባ ቆላችው፣ ሳያርርባት አውጥታ ጭሱን ወደ እኔ አራገበችልኝ። ጀበናውን ከጣደች በኋላ ግን ማድረጓን ረስታ ወደ ጓዳ ገባች፤ ቡናውም ገንፍሎ ፍሙን አጠፋው። በሽታው አዲሱን ትዝታ አስቀድሞ ይወስዳል፤ እጅ የለመደውና በልጅነት በቃል የተያዘው ግን ረጅም ጊዜ ይቆያል።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ፤ «እማዬ፣ ማን ነኝ? እስቲ ስሜን ንገሪኝ» ማለታችሁን ተዉ። ዘመድ ተሰብስቦ ስልኩን በጆሮዋ ላይ አድርጎ «ማን ነው? ዕወቂው እንጂ!» እያለ ሲያስጨንቃት በተደጋጋሚ ሰምቻለሁ። ይህ ፈተና ነው፣ ያውም ማለፍ የማትችለው ፈተና፤ የተጠየቀችውን ትረሳና ሀፍረቱና ፍርሃቱ ግን ቀኑን ሙሉ አብሯት ይውላል። የምትጠይቋት እኮ ለእሷ ብላችሁ አይደለም፤ የራሳችሁን ልብ ለማሳረፍ ነው። እኔም ወር ሙሉ አድርጌዋለሁና አውቀዋለሁ። ራሳችሁን አስተዋውቁ፦ «ልጅሽ ነኝ፣ ከአሜሪካ ነው የምደውለው»። የሞተችውን እናቷን «የት ሄደች?» ብላ ከጠየቀቻችሁም «ሞታለች» አትበሏት፤ መርዶውን እንደ አዲስ ትሰማዋለችና። «እስቲ ስለ እሷ ንገሪኝ» በሏት፤ ትነግራችኋለች።

የምትደውሉበትን ሰዓትም ለውጡ። አብዛኞቻችን እሑድ ከቅዳሴ መልስ በቀኑ 7 ሰዓት ገደማ እንደውላለን፤ ያን ጊዜ ደሴ ላይ ከምሽቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ነው። ይህ በሽታ ያለባቸው ብዙ ሰዎች ከጀንበር መጥለቂያ ጀምሮ ግራ መጋባታቸውና መረበሻቸው ይብሳል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ የምናገኛት በክፉ ሰዓቷ ነው። አንድ ጥሪ አይታችሁ «ጭራሽ ጠፍታለች» ከማለታችሁ በፊት በጠዋት ሞክሯት። እኔ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በእረፍቴ እደውላለሁ፤ በበጋችን ያ ለእሷ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። የሌሊት ሥራ የሌላችሁ ቅዳሜ እስከ እኩለ ሌሊት ቆዩ፤ እዚያ ይነጋል። ለብዙዎቹ ታማሚዎች የስክሪኑ ምስል ግራ ያጋባል፤ እናቴም በቪዲዮ ያየችኝን «ሣጥን ውስጥ የገባች ሴት» ብላ ፈርታኛለች። ስለዚህ በድምፅ ብቻ ነው የምንገናኘው። አሥር ደቂቃ ይበቃል። ሰላምታው እንዳለቀ «አቡነ ዘበሰማያት» ብዬ እጀምርላታለሁ፤ እሷም ከአፌ ነጥቃ እስከ መጨረሻው ትወርደዋለች፤ ድምፅዋም ያን ጊዜ ልጅ ሆኜ የማውቀው ድምፅ ነው።

4. አልቅሱ፣ ነገር ግን አትቅበሯት

ሁለት ዓይነት ሰው አይቻለሁ። አንዱ «ደህና ትሆናለች» እያለ ዓመታት ያሳልፍና የመጨረሻዎቹን ደህና ወራት ሳያያት ይቀራል። ሌላው «ካላወቀችኝ ለምን እደውላለሁ?» ብሎ በሕይወት እያለች ይቀብራታል። ፖሊን ቦስ ለእንዲህ ያለው ሐዘን ሁለቱን ነገር አንድ ላይ መያዝ ያስፈልጋል ይላሉ፤ እናቴ የለችም፣ እናቴ አለች። በመጀመሪያው ብታለቅሱ እውነት ነው፤ በሁለተኛው ብትደውሉም እውነት ነው። በተለይ የጥገኝነት ጉዳያችሁ ያላለቀና ሄዳችሁ ልታይዋት የማትችሉ ሰዎች፣ ከዚህ ሁለት እውነት ውጭ የምትይዙት ነገር የላችሁም።

ሐዘኑን ለሰው ንገሩ፤ ካልተናገራችሁ ማንም አያውቅላችሁም። እኔ ከፋሲካ እንደተመለስኩ አራት የእድራችንን ሴቶች ጠርቼ ቡና አፈላሁና «እናቴ ረስታኛለች፤ እንደ ለቅሶ ቁጠሩልኝ» አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩ። አንዷ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አድርጋ የእሷም አባት ከረሷት ሁለት ዓመት እንደሆናቸው ነገረችን፤ በየሳምንቱ አብረን እያስቀደስን አንዳችንም አላወቅንም ነበር።

አጠገቧ ሆና ለምታስታምመው እህታችሁም ይህን አስቡ። የእሷ ሐዘን ከእናንተ ይለያል፤ እናንተ ድምፅ ስታጡ፣ እሷ በየሌሊቱ ትነቃለች፣ አንሶላ ትለውጣለች፣ ከበር ውጭ የሄደችውን ትፈልጋለች። ከሩቅ ሆናችሁ «ለምን ይህን አላደረግሽም?» አትበሏት። ለቤት ማሳደሻ የምትልኩትን ገንዘብ በሳምንት ሦስት ሌሊት የምታድር አጋዥ ቅጠሩበት። እኔ ለዓመታት የላክሁት ገንዘብ ሳሎኑን ባለ ሴራሚክ አድርጎታል፤ እናቴ እርጥብ ሲሆን የምትንሸራተትበትና የምትፈራው ወለል ሆኖ ቀርቷል። እህቴ ግን በእነዚያ ዓመታት አንድ ሌሊት ሙሉ አልተኛችም።

ባለፈው ሳምንት «አቡነ ዘበሰማያት»ን ከጨረስን በኋላ እናቴ ስልኩን ለእህቴ ስትመልስ ድምፅዋ ተሰማኝ። «እኚህ ደግ ሴት ነገም ይደውላሉ?» ብላ ጠየቀቻት። እህቴ ልታርማት አፏን ስትከፍት «ተይ፣ ስጫት» አልኳት፤ እናቴንም «አዎ እመቤቴ፣ ነገም በዚሁ ሰዓት እደውልልዎታለሁ» አልኳት።