«ፕሮ ቦኖ» ብላኝ ገንዘብ ጠየቀችኝ

ጥያቄ፦ «ቀድሞ የምሠራበት ድርጅት የ7 ወር ደሞዝ አልከፈለኝም። ጠበቃ ለማቆም አቅም የለኝም። አንዲት ጠበቃ ጉዳዬን ሰምታ ‹ፕሮ ቦኖ እይዝልሃለሁ› አለችኝና ተፈራረምን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ለዳኝነት ክፍያና ለሰነድ ማስተርጎሚያ ገንዘብ እንዳዘጋጅ ነገረችኝ። ጓደኞቼ ‹ፕሮ ቦኖ ማለት እኮ በነፃ ነው፣ ሸውዳሃለች› ይሉኛል። እውነት ተሸውጃለሁ? ደግሞስ የማልከፍላት ጠበቃ ከልቧ ትሠራልኛለች?»

መልስ፦ ከነገሩኝ ስነሳ አልተሸወዱም። ጠበቃዋ የተወችልዎ የራሷን የድካም ዋጋ ነው። የዳኝነት ክፍያው ወደ ፍርድ ቤት፣ የትርጉሙም ወደ ተርጓሚው ይሄዳል። እሷ ልትምረው የምትችለው ገንዘብ አይደለም። ጥፋት አለ ከተባለ ይህን ከመፈራረማችሁ በፊት አለመንገሯ ነው። ጓደኞችዎም የሳቱት ቃሉን ነው፤ በእርግጥ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል።

ሙሉ አባባሉ «ፕሮ ቦኖ ፑብሊኮ» ነው፣ ላቲን። «ፕሮ» ማለት «ለ» ወይም «ስለ» ነው። «ቦኖ» በጎ ነገር ወይም ጥቅም ነው። «ፑብሊኮ» ደግሞ የሕዝብ። አንድ ላይ «ለሕዝብ ጥቅም» ይሆናል። በንግግር ሦስተኛው ቃል ተቆርጦ ቀረና «ለበጎ» የሚለው ብቻ ተረፈ። ከሦስቱ ቃላት አንዱም ስለ ገንዘብ አያነሳም። ላቲን «በነፃ» ለማለት ቃል አጥቶም አይደለም። «ግራቲስ» የሚል ቃል አለው፣ መነሻውም ሞገስና ምስጋና ማለት የሆነው «ግራቲያ» ነው። ለምስጋና ብቻ የተሠራ እንደ ማለት ነው። «ግራቲስ» ስንት ተከፈለ ለሚለው ይመልሳል። «ፕሮ ቦኖ» የሚመልሰው ለማንና ለምን ተሠራ ለሚለው ነው።

ሁለቱ የተለያዩ መሆናቸውን የጥንቷ ሮም ታሪክ በደንብ ያሳያል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ204 «ሌክስ ኪንኪያ» የተባለ ሕግ ወጣ። በፍርድ ቤት ለሌላው የሚሟገት ሰው ገንዘብም ሆነ ስጦታ እንዳይቀበል ከለከለ። በሕጉ ከሄድን የሮም ተሟጋች ሁሉ የሚሠራው በነፃ ነበር። ነገር ግን ባለጸጋው ለባለጸጋ ወዳጁም ይሟገት ነበር። ውለታው በድጋፍና በምርጫ ድምፅ ይመለስለት ነበር። ክፍያም በጓሮ በር መግባቱ አልቀረም። በመጨረሻ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ47 ንጉሠ ነገሥት ክላውዲየስ እስከ 10,000 ሴስተርስ ድረስ መቀበልን ፈቀደ። ያ ሁሉ ነፃ ሙግት ነበር፤ የሕዝብ ጥቅም ግን የግድ አልነበረበትም።

ዛሬም በሙያችን ውስጥ ያለክፍያ የሚሠራ ብዙ ነገር አለ። ሁሉም ግን ፕሮ ቦኖ አይባልም። ጥሩ ኑሮ ያለው የአክስቴ ልጅ የቤት ሽያጭ ውል እንድመለከትለት ቢጠይቀኝ አላስከፍለውም። ይህ ዝምድና ነው። አንድ ቢሮ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ምክር ያለክፍያ ቢሰጥ ደንበኛ ለማግኘት ነው። «ካሸነፍን ብቻ ትከፍለኛለህ» የሚል ጠበቃም አለ። ይህኛው ብዙ ሰው ያሳስታል፣ ምክንያቱም መጀመሪያ ላይ ከኪስ የሚወጣ ነገር የለም። ግን ጠበቃው የሚጠብቀው ድርሻ አለ። ድርሻው ከመቶ 20 ነው እንበል። ከእርስዎ የ7 ወር ደሞዝ ውስጥ ወደ አንድ ወር ተኩል የሚጠጋው የእሱ ይሆናል። ስለዚህ የፈረሙትን ወረቀት ያውጡና ከሚገኘው ገንዘብ ድርሻ እንደምትወስድ የሚል አንቀጽ እንዳለ ይፈልጉ። ካለ፣ ስሙ ምንም ቢባል ፕሮ ቦኖ አይደለም።

እኔ ልዩነቱን የተማርኩት ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። አንድ ደንበኛ ለስድስት ወር ያህል አሠርቶኝ ሳይከፍለኝ ጠፋ። ዓመቱ ሲያልቅ የበጎ ሥራ ሰዓታችንን ሪፖርት ስናደርግ የእሱን ጉዳይ ሰዓታት ጨመርኩበት። ያልተከፈለኝ ሥራ ነው፣ ምን ልዩነት አለው ብዬ ነበር። አለቃዬ መዝገቡን አየችና ሰረዘችው። «ይሄ ዕዳ ነው። ስትጀምሪው ክፍያ ጠብቀሽ ነበር» አለችኝ። በዚያን ሰዓት ከፍቶኝ ነበር፤ አሁን ግን እኔም ለጀማሪዎች የምለው ይህንኑ ነው።

የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር የሥነ ምግባር ሞዴል ደንብም በቁጥር 6.1 ላይ ይህንኑ ይዟል። ደንቡ አንድ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ፕሮ ቦኖ ለመሥራት እንዲጥር ይጠይቃል። የሰዓቱ አብዛኛው ክፍል ያለክፍያ፣ ክፍያም ሳይጠበቅ፣ አቅም ለሌላቸው ሰዎች ወይም እነሱን ለሚረዱ ድርጅቶች መዋል አለበት። ከማብራሪያው ደግሞ ተጠብቆ ያልተሰበሰበ ክፍያ ፕሮ ቦኖ ሊባል እንደማይችል እንረዳለን። መለኪያው ጠበቃው መዝገቡን ሲከፍት የነበረው ሐሳብ ነው። የደንበኛው ገንዘብ በኋላ ማለቁ ሐሳቡን አይቀይረውም።

ይኸው ደንብ በሌላ በኩልም ያስገርማል። ከቀሪው ሰዓት የተወሰነው አቅም ለሌላቸው ሰዎች በጣም በተቀነሰ ክፍያ ሲሠራም ይቆጠራል። አያችሁ፣ ትንሽ የተከፈለበት ሥራ ፕሮ ቦኖ ሊሆን ይችላል፣ ምንም ያልተከፈለበት ደግሞ ላይሆን ይችላል። ቃሉን የተሸከመው ዋጋው ቢሆን ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር። በየአገሩ መስፈርቱ ይለያያል። አንዳንዱ ጋ ምንም ክፍያ የሌለበት ብቻ ነው የሚቆጠረው። የአሜሪካውን ያነሳሁት ነገሩን አብራርቶ ስለጻፈው ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ወጪ እንምጣ። በአንድ ሙግት ውስጥ ሁለት ዓይነት ገንዘብ አለ። አንዱ የጠበቃ አበል ነው። ሌላው ጠበቃው ኖረም አልኖረ የሚወጣው ነው፤ የዳኝነት ክፍያ፣ ትርጉም፣ የሰነድ ኮፒ፣ አንዳንዴም የባለሙያ ምስክር አበል። ፕሮ ቦኖ የሚያስቀረው በመሠረቱ የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛውን አንዳንድ ቢሮዎች ከራሳቸው ይሸፍኑታል፣ አንዳንዶቹ አይችሉም። ስለዚህ ጠበቃዋ መጠየቋ ብቻውን ምልክት አይሆንም። ምልክት የሚሆነው ደረሰኙ ነው። የዳኝነት ክፍያ በፍርድ ቤቱ ደረሰኝ ይረጋገጣል፣ ትርጉሙም በተርጓሚው። የከፈሉት በደረሰኙ ላይ ካለው ከበለጠ፣ ወይም «የመዝገብ መክፈቻ ለቢሮዬ» የሚል ነገር ከመጣ፣ ያኔ ቆም ብለው ይጠይቁ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ይጠይቋት። በብዙ አገር አቅም የሌለው ከሳሽ ከዳኝነት ክፍያ ነፃ እንዲደረግ ለፍርድ ቤቱ ማመልከት ይችላል። በእኛ የሕግ ቋንቋ በደሃ ደንብ መክሰስ የምንለው ነው። የደሞዝ ክርክርን ከነጭራሹ ከዳኝነት ክፍያ ነፃ ያደረጉ አገሮችም አሉ። እርስዎን እንዲከፍሉ ከመጠየቋ በፊት ይህን አጣርታ እንደሆነ መልስ ይገባዎታል።

ቢያሸንፉስ? ፍርድ ቤቱ ድርጅቱ 7ቱን ወር ደሞዝ እንዲከፍል፣ በተጨማሪም ወጪና ኪሣራ እንዲተካ ወሰነ እንበል። ደሞዙ ሙሉ በሙሉ የእርስዎ ነው። ከኪስዎ ያወጡት የትርጉም ገንዘብም ከተተካ ወደ እርስዎ ይመለሳል። ጥያቄው ተሸናፊው ለጠበቃ አበል ብሎ የሚከፍለው የማን ነው የሚለው ነው። በአሜሪካው ሞዴል ደንብ ማብራሪያ መሠረት፣ ጉዳዩ መጀመሪያ በፕሮ ቦኖ ከተያዘ፣ በኋላ ሕግ የፈቀደው የጠበቃ አበል ቢወሰን ሥራው ፕሮ ቦኖነቱን አያጣም። ጠበቃው ከገንዘቡ ተገቢውን ያህል ችግረኞችን ለሚረዱ ድርጅቶች እንዲሰጥ ግን ይበረታታል። እንግሊዝ ሌላ መንገድ መረጠች። የ2007ቱ የሕግ አገልግሎቶች ሕግ አንቀጽ 194 ፍርድ ቤቱ ተሸናፊውን እንዲያስከፍል ይፈቅዳል፣ ገንዘቡ ግን የሚሄደው በሕግ ለተሰየመ የበጎ አድራጎት ተቋም ነው። ይህ ባይኖር ተሸናፊው ለተቃራኒው ወገን ያለክፍያ ጠበቃ ስለቆመለት ብቻ ከኪሣራ ያመልጥ ነበር። እኔ የእንግሊዙን እመርጣለሁ፤ የጠበቃውን ሐሳብ ከጥርጣሬ ያጠራል። በሁለቱም መንገድ ግን ከእርስዎ ደሞዝ የሚነካ የለም።

«ከልቧ ትሠራልኛለች?» ላሉት፣ ልቧን ማየት አልችልም፤ ግዴታዋን ግን አውቀዋለሁ። ውክልናውን ከተቀበለች በኋላ የማይከፍል ደንበኛ የሚባል ዝቅተኛ ደረጃ የለም። ምስጢርዎን ትጠብቃለች፣ ቀጠሮ አታሳልፍም፣ ከድርጅቱ ጋር የጥቅም ግንኙነት ካላት መያዝ አትችልም። በቸልተኝነት ብትጎዳዎ «በነፃ ነበር የሠራሁት» ማለት ከተጠያቂነት አያድናትም። ከፋይ ደንበኛ መጣ ብላም መሃል ላይ ልትጥልዎ አትችልም። የሚለካው በተግባር ነው። ያስገባችው የክስ ማመልከቻ ኮፒ ደርሶዎታል? የቀጠሮውን ቀን ከእሷ ነው የሚሰሙት ወይስ እየደወሉ ነው የሚያጣሩት? የድርጅቱን መልስ አሳይታዎታለች? ለዋናው ሙግት ብቻ ነው የፈረመችው ወይስ ለይግባኝም? የመጨረሻውን በተለይ ይጠይቁ። ብዙ ፕሮ ቦኖ ስምምነት በመጀመሪያው ፍርድ ያበቃል። ባለጉዳዩ ይህን የሚያውቀው የይግባኝ ቀን እየሮጠ ሲሆን ነው።

ስለዚህ በስምምነቱ ላይ አንድ ገጽ እንድትጨምርልዎ ይጠይቋት። አበል እንደሌለ፣ ከሚገኘው ደሞዝ ምንም እንደማትወስድ፣ የትኛውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን፣ ተሸናፊው የሚተካው ገንዘብ የት እንደሚሄድ፣ ይግባኝ እንደሚጨምር ወይም እንደማይጨምር ይጻፍበት። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ደህና ጠበቃም አይከፋትም። እንዲያውም እኔ ብሆን ደስ ይለኛል።

እስከዚያ ግን ክሱን አያዘግዩት። የደሞዝ ጥያቄ በብዙ አገር አጭር ይርጋ፣ ማለትም ክስ ማቅረቢያ የጊዜ ገደብ፣ አለው፤ ቀኑም መቆጠር የሚጀምረው እያንዳንዱ ደሞዝ መከፈል ከነበረበት ዕለት ሊሆን ይችላል። ከ7ቱ ወር መጀመሪያ የሚያመልጠው የመጀመሪያው ወር ነው። ነገ ሲደውሉላት ከገንዘቡ በፊት የመጀመሪያው ወር ይርጋ መቼ እንደሚሞላ ይጠይቋት።